ድፍርስ ውሃን በአሉም ማጥራት፦ ፍሎክ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት እንደሚዘቅጥ

ከከባድ ዝናብ በኋላ የተቀዳ የወንዝ ውሃ በዕቃ ሞልታችሁ አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃዎች ውስጥ ታች ይወርዳል። የቀረው ግን እንደደፈረሰ ያድራል። በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀንም ብዙም አይለወጥም። እንዲህ ያለውን ውሃ ለማጥራት አሉሚኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል። በተለምዶ አሉም የምንለው ማለት ነው።

አሉም ተጨምሮ ውሃው አልጠራ ሲል ብዙ ሰው ወዲያው ሌላ አሉም ይጨምራል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። እንዴት ተማሰለ? መጠኑ ትክክል ሆኖ አማሰሉ ከተበላሸ ውሃው አይጠራም። ስለዚህ እዚህ 200 ሊትር ውሃ የያዘ አንድ በርሜል ወስደን ሥራውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናየዋለን። ማማሰሉ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ጭቃው በራሱ ለምን አይዘቅጥም?

ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ የአሸዋ ቅንጣት ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን አንድ ማይክሮን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። እሱ ያንኑ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያም ያነሱ አሉ። እነሱን የውሃው ሞለኪውሎች ራሳቸው ወዲያና ወዲህ ስለሚገፏቸው ጨርሶ ታች አይደርሱም።

ታዲያ ተጣብቀው ለምን አይከብዱም? የሸክላ ቅንጣት ገጹ ላይ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ቻርጅ አለው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው ሲቀራረቡ ይገፋፋሉ። ማጥራት ማለት እንግዲህ ይህን መገፋፋት ማስቆም ነው።

ጨውም ይህን ማድረግ ይችላል። ጭቃ የያዘ ወንዝ ባሕር ሲገባ ጭቃው ቶሎ የሚዘቅጥበት አንዱ ምክንያት የባሕሩ ጨው ነው። ለመጠጥ ውሃ ግን ያን ያህል ጨው መጨመር አይቻልም። አሉሚኒየም ከጨው ሶዲየም የሚለየው ሦስት ፖዘቲቭ ቻርጅ በመያዙ ነው። ኃይሉ በሦስት እጥፍ ብቻ አይደለም የሚያድገው፤ በመቶዎች እጥፍ ነው። ለዚህ ነው በአንድ ሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም የሚበቃው።

ሌላም ሥራ አለው። አሉሙ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከውሃው ጋር ተዋህዶ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ነጭ፣ ዝልግልግ፣ የማይሟሟ ነገር ይፈጥራል። ይህ ነገር ቅንጣቶቹን በውስጡ እየያዘ ያድጋል። ሲወርድም መንገዱ ላይ ያገኘውን ጭቃ ጠራርጎ ይወስዳል። የተባዘተ ጥጥ የሚመስለው ይህ ስብስብ ነው ፍሎክ የሚባለው። ብዙ ጊዜ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ይህ ጠራርጎ መውሰድ ነው።

አሉሙን በውሃ መበጥበጥ

መጀመሪያ የገዛችሁትን አሉም እዩት። ለመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ተብሎ የተለጠፈበት መሆን አለበት። ለሌላ ኢንዱስትሪ የተዘጋጀው ጎጂ ብረታ ብረት ሊቀላቀልበት ይችላል። እንደ በረዶ ድንጋይ የሚያበራው ፖታሲየም አሉም ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ያነሰ ነው። ለተመሳሳይ ውጤት በክብደት 1.6 እጥፍ ገደማ ያስፈልጋል።

አሉምን በደረቁ በርሜል ውስጥ መበተን ጥሩ አይደለም። እብጠቱ ታች ወርዶ እዚያው ቀስ እያለ ይሟሟል። አንዱ አካባቢ አሉም በዝቶበት ሌላው ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ቀድሞ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። አንድ በመቶ የሆነ ብጥብጥ ለስሌት ይመቻል፤ 10 ግራም አሉም በአንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። ሚዛናችሁ አንድ ግራምን በደንብ የማይለይ የወጥ ቤት ሚዛን ከሆነ 50 ግራም መዝናችሁ በ5 ሊትር በጥብጡ። ስህተቱ ያንሳል።

የዚህ ብጥብጥ አንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አሉም ይይዛል። አንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ከጨመራችሁ መጠኑ 10 ሚሊ ግራም በሊትር ሆነ። ሁለት ሚሊ ሊትር 20 ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በዚህ ይሠራል።

ብጥብጡ አሲድነት ስላለው የፕላስቲክ ዕቃ ተጠቀሙ። ጓንት አድርጉ፤ ዓይናችሁንም ጠብቁ። የቀጠነ ብጥብጥ ሲቆይ ኃይሉ ይዳከማል። የዛሬውን ዛሬ ተጠቀሙበት።

ትክክለኛውን መጠን በሙከራ ማግኘት

ለድፍርስ ውሃ የሚያስፈልገው አሉም ብዙ ጊዜ በሊትር ከ10 እስከ 100 ሚሊ ግራም ባለው ውስጥ ይወድቃል። ይህ ሰፊ ክልል ነው። ውሃውን በዓይን አይቶ ትክክለኛውን ቁጥር መናገር አይቻልም። በጣም የደፈረሰው ሁልጊዜ ብዙ አሉም አይፈልግም። ትንሽ የደፈረሰውም ሁልጊዜ በትንሽ አይጠራም። ያለው መንገድ መሞከር ነው። የውሃ ባለሙያዎች ጃር ቴስት ይሉታል።

ላቦራቶሪ ውስጥ ስድስት ማማሰያ በአንድ ሞተር የሚያዞር መሣሪያ አለ። መሣሪያው ከሌለ አምስት ባለ 1.5 ሊትር ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገታቸውን ቁረጡና በእያንዳንዱ አንድ ሊትር ድፍርስ ውሃ አድርጉ። ውሃው በርሜል ውስጥ ካለው፣ በደንብ ከተማሰለው፣ በአንድ ጊዜ የተቀዳ ይሁን። በጠርሙሶቹ ላይ 20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ብላችሁ ጻፉ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊ ሊትር ብጥብጥ በየተራ ጨምሩ።

እያንዳንዱን ብጥብጡ እንደገባ ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት አማስሉ። ከዚያ ለ15 ደቂቃ በጣም በዝግታ። አንድ ሰው አምስቱን ማዳረስ ስለሚከብደው ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ ይሻላል። ቀጥሎ ማንም ሳይነካቸው 30 ደቂቃ ይቀመጡ።

አሁን ሦስት ነገር እዩ። የመጀመሪያው ፍሎኩ መቼ መታየት እንደጀመረ ነው። በቀስታ ማማሰሉ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ውስጥ ነጠብጣብ መታየት ከጀመረ ጥሩ ምልክት ነው። ሁለተኛው የፍሎኩ ትልቅነት ነው። የስፒል አናት የሚያክል ፍሎክ ይወርዳል፤ እንደ አቧራ የቀረ ግን ተንሳፍፎ ይቀራል። ሦስተኛውና ዋናው በፍሎኮቹ መካከል ያለው ውሃ ነው። ፍሎኩ ትልቅ ሆኖ መሐሉ ወተት ከመሰለ ሥራው አላለቀም። መሐሉ እንደ መስታወት ከጠራ አገኛችሁት።

ለምሳሌ ያህል ውጤቱ እንዲህ ሆነ እንበል። 20 ላይ ምንም አልታየም። 40 ላይ ደቃቅ ፍሎክ ተፈጥሮ ግማሹ ወረደ። 60 ላይ ውሃው ጠራ። 80 ላይም እኩል ጠራ። 100 ላይ ተመልሶ ትንሽ ደበዘዘ። እዚህ የምንወስደው 60 ነው። ሕጉ ቀላል ነው፦ በደንብ ከጠሩት መካከል ትንሹን መጠን ውሰዱ። 80 ምንም የጨመረው ነገር የለም፤ አሉም ያባክናል፣ ዝቃጭ ያበዛል፣ የውሃውንም ፒኤች ያወርዳል፤ ውሃው ወደ አሲድነት ይሄዳል ማለት ነው።

የ100ው ነገር ብዙዎችን ግራ ያጋባል። አሉም ሲበዛ ለምን ይብሳል? አንዱ ምክንያት ቻርጁ ነው። ኔጌቲቭ የነበሩት ቅንጣቶች አሉሚኒየሙ ከሚበቃው በላይ ሲለጠፍባቸው ፖዘቲቭ ይሆናሉ። እንደገና ሁሉም አንድ ዓይነት ቻርጅ ያዙ ማለት ነው፤ እንደገና ይገፋፋሉ። ሌላው ምክንያት የፒኤች መውረድ ነው። እሱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

በርሜሉ ላይ መሥራት

ስሌቱ ይኸው። 60 ሚሊ ግራም ሲባዛ በ200 ሊትር 12,000 ሚሊ ግራም ይሆናል። 12 ግራም አሉም ማለት ነው። በአንድ በመቶ ብጥብጥ ሲለካ 1.2 ሊትር ነው።

አሸዋ የበዛበት ውሃ ከሆነ አሉም ከመጨመራችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አስቀምጡትና ከላይ ያለውን ወደ ሌላ በርሜል ቅዱ። በራሱ ለሚወርድ አሸዋ አሉም ማውጣት አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ ሁለት ተቃራኒ የሆኑ ማማሰሎች አሉ።

የመጀመሪያው ፈጣን ነው። ረጅምና ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ማማሰያ ያዙ። ውሃውን አሽከርክሩት። መሐሉ ጎድጎድ ሲል ረዳታችሁ ብጥብጡን ወደ ጎድጓዳው በቀጭኑ ያፍስስ። እናንተ አታቁሙ። አንድ ደቂቃ ሙሉ በኃይል አማስሉ። ይህን ያህል መቸኮል የሚያስፈልገው አሉሙ ከውሃው ጋር የሚዋሃደው በሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ሁሉም ጋ ካልደረሰ በአንድ ጥግ ብቻውን ረግቶ ነጭ ዝልግልግ ይሆናል። ጭቃው ደግሞ ሳይነካ ይቀራል። በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ብታማስሉ ይህ አይስተካከልም።

ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው። ደቂቃው ሲያልቅ የማማሰያውን ፍጥነት በአንድ ጊዜ ቀንሱ። በሦስት ወይም በአራት ሰከንድ አንድ ዙር ይበቃል። ይህን ለ15 ደቂቃ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ለ20 ደቂቃ ቀጥሉ። አሁን ቅንጣቶቹ ቻርጃቸውን አጥተዋል፤ ሲነካኩ ይጣበቃሉ። ግን እንዲነካኩ የሚያገናኛቸው ያስፈልጋል። የማማሰያው ሥራ ይኼ ነው። አንዱ ከአንዱ ይጋጫል፣ ይጣበቃል፣ ያድጋል።

ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። 15 ደቂቃ ረጅም ይመስላል፤ እጅም ይደክማል። አንዳንዱ ሦስት ደቂቃ አማስሎ ይተወዋል። ፍሎኩ ደቃቅ እንደሆነ ይቀራል። ሌላው ደግሞ ቶሎ እንዲያልቅ ብሎ ያፈጥነዋል። ፍሎክ ግን በጣም ስስ ነው። አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ የያዘው ጭቃ ትንሽ ነው። በኃይል ሲመታ ይበጣጠሳል። አንዴ የተበጣጠሰ የአሉም ፍሎክ ደግሞ ተመልሶ እንደ መጀመሪያው አይገጥምም። ስለዚህ ፍሎኩ እየተለቀ ሲሄድ ማማሰሉም እየቀነሰ ይሂድ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ማማሰያው ውሃውን ገፋ ገፋ ቢያደርገው ይበቃል።

ማማሰያውን ስታወጡም ቀስ ብላችሁ አውጡ።

ዝቃጩን መጠበቅ

ጠርሙሱ ውስጥ 30 ደቂቃ በቅቶ ነበር። በርሜሉ ውስጥ አይበቃም። በ1.5 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አንድ ሊትር ውሃ ጥልቀቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 200 ሊትር የያዘ በርሜል ግን 80 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ፍሎኩ የሚወርድበት ፍጥነት አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ረዘመ። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ጊዜ ካላችሁ ብታሳድሩት የበለጠ ይጠራል።

በርሜሉ ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ክዳን ይኑረው። የበርሜሉ አንዱ ጎን ፀሐይ ሲመታው በዚያ በኩል ያለው ውሃ ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በሌላው በኩል ይወርዳል። ይህ ቀስ ያለ ዙረት ለዓይን አይታይም። ግን ፍሎክ ከውሃ የሚከብደው በጥቂቱ ስለሆነ ለማንሳት ይበቃዋል። ጠዋት ወርዶ የነበረ ዝቃጭ እኩለ ቀን ላይ ተነስቶ ካያችሁት ይህን ጠርጥሩ።

ውሃውን በርሜሉን አዘንብሎ መገልበጥ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ከሥሩ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተገጠመ ቧንቧ ካለ በእሱ ቅዱ። ከሌለ ንጹሕ ጎማ ተጠቅማችሁ ከላይ ሳቡት። የጎማው ጫፍ ከውሃው ገጽ ብዙም ሳይርቅ እየተከተለ ይውረድ። ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ተዉት። ወደ 40 ሊትር ገደማ ውሃ ይቀራል ማለት ነው። ኪሳራ ይመስላል፤ ግን ያን 40 ሊትር ለማዳን ሲባል ዝቃጩን ቀስቅሶ የተቀዳውን 160 ሊትር ማደፍረስ አይገባም።

ሲበላሽ

*ምንም ፍሎክ ካልታየ።* በጠርሙስ ሙከራው ሁሉም መጠኖች ላይ ምንም ካልተፈጠረ ፒኤቹን ለኩ። አሉም በደንብ የሚሠራው ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ነው። ከዚያ ሲወጣ አሉሚኒየሙ ከመርጋት ይልቅ ሟሙቶ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ችግሩ አሉም ራሱ ፒኤች የሚያወርድ መሆኑ ነው። ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አልካላይኒቲ የሚባል አቅም አለው፤ የሚለካውም በሚሊ ግራም በሊትር ነው። አንድ ሚሊ ግራም አሉም ከዚህ አቅም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ይበላል። የእኛ 60 ሚሊ ግራም 30 ይበላል ማለት ነው። የውሃው አልካላይኒቲ 80 ከሆነ ምንም ችግር የለም። 20 ከሆነ ግን ያልቅና ፒኤቹ ይወድቃል። የዝናብ ውሃና ከድንጋያማ ተራራ የሚወርድ ውሃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አልካላይኒቲ በመለኪያ ወረቀት ይታያል። አነስተኛ ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ ይጨመራል። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እሱ ሌላ ድብልቅ አለበት። አሉሙ የሚበላውን 30 ሙሉ ለመተካት በሊትር 50 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ለ200 ሊትር 10 ግራም ነው። አሉሙ ከመግባቱ በፊት በደንብ ሟሙቶ ይግባ። ኖራም ይሠራል፤ ግን ትንሽ ሲበዛ ፒኤቹን ወዲያው ስለሚያወጣ ለበርሜል ሥራ ቤኪንግ ሶዳውን እመርጣለሁ።

*ፍሎክ ኖሮ ደቃቅ ሆኖ ከቀረ።* የማማሰሉን ሁለቱንም ክፍል መርምሩ። እሱ ደህና ከሆነ ውሃው ትንሽ ብቻ የደፈረሰ ሊሆን ይችላል። የሚገርመው፣ ትንሽ የደፈረሰ ውሃ ከጭቃ ውሃ ይልቅ ያስቸግራል። ቅንጣቶቹ ጥቂትና የተራራቁ ስለሆኑ አይገናኙም። ካለፈው በርሜል የቀረውን ትኩስ ዝቃጭ ሁለት ሊትር ያህል ጨምሩበት። አዲሱ ፍሎክ የሚለጠፍበት ነገር ያገኛል፤ ክብደትም ይጨምርለታል።

*ጭቃው ወርዶ ቀለሙ ከቀረ።* ውሃው ግልጽ ሆኖ የሻይ ቀለም ካለው ያ ከበሰበሰ ቅጠልና ከእጽዋት የሟሟ ነገር ነው። ይህ በአሉም ይቀንሳል፤ ግን ከፍ ያለ መጠንና ዝቅ ያለ፣ ወደ 6 የሚጠጋ ፒኤች ይፈልጋል። ለጭቃው ያገኛችሁት ቁጥር ለዚህ አይሠራም። ሙከራው እንደ አዲስ ይደገማል።

ወንዙ ሲለወጥም እንዲሁ ነው። የትናንቱ 60 ዛሬ ዝናብ ከጣለ ዋጋ የለውም።

የጠራው ውሃ ገና አልተጣራም

አሉም ብዙ ተህዋስያንን ከጭቃው ጋር ይዞ ይወርዳል፤ ሁሉንም ግን አይወስድም። የሟሟ ጨው፣ ናይትሬትና የመሳሰሉትን አይነካም። ስለዚህ የተቀዳው ውሃ ቢቻል በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። ከዚያ በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን ከመጨመራችሁ በፊት ድፍርስነቱ ኤንቲዩ በሚባለው መለኪያ ከ5 በታች መሆን አለበት። ይህን በድፍርስነት መለኪያ ቱቦ ማየት ይቻላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ውሃው ውስጥ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን ቀርቶ መገኘት አለበት። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ክሎሪን ቀድሞ ከገባ ጭቃው ይበላዋል፤ ለተህዋስያኑ የሚተርፍ የለም።

ከአሉሙ የሚቀረው አሉሚኒየምም ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአነስተኛ ማጣሪያዎች የሚጠቅሰው በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ነው። ፒኤቹ ከላይ ባልነው ውስጥ ከሆነና ፍሎኩ ሁሉ ወርዶ ከቀረ ወደዚህ መድረስ ይቻላል። በጣም የጠራ የሚመስል ውሃ ፒኤቹ 5 ከሆነ ግን አሉሚኒየሙ ሟሙቶ አለበት፤ ዓይን አያየውም። ፒኤች መለካትን የማይዘነጋ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

ከታች የቀረው ዝቃጭ የወንዙን ጭቃና ተህዋስያኑን በአንድ ላይ አከማችቷል። ወደ ወንዙ አትመልሱት። ከውሃ መቅጃውና ከውሃ ጉድጓድ ራቅ ያለ ጉድጓድ ቆፍራችሁ እዚያ አፍስሱት፤ ውሃው ሲሰርግ ደረቁ ይቀራል። በርሜሉን ቀጣዩ ውሃ ከመግባቱ በፊት በብሩሽ እጠቡት። ለቀጣዩ ዙር የሚጠቅማችሁን ሁለት ሊትር ዝቃጭ ብቻ፣ በዚያው ቀን የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ለይታችሁ አስቀሩ።